ስርዝ የሌለው ረቂቅ

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ማዶ፣ በሁለት ኮምፒውተርና በአንድ አሮጌ ፕሪንተር የተማሪ ጽሑፍ እተይብ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ያስተማሩኝ ተማሪዎቹ በእጃቸው ጽፈው የሚያመጡልኝ ወረቀቶች ናቸው። መጀመሪያ ያልሰመረች አረፍተ ነገር አቃናለሁ፣ ቀጥሎ ጎደሎ አንቀጽ እሞላለሁ። በመጨረሻ "ርእሱ ይኸውልሽ፣ አንቺ ጨርሽው" የሚሉኝ በዙ፤ እኔም እየተከፈለኝ ሙሉውን እጽፍላቸው ጀመር። ሲመረቁ ፎቷቸውን ያመጡልኛል፤ እኔ ሞኟ አብሬ የተመረቅሁ ይመስለኝ ነበር።

ታናሽ እህቴ እዚያው ግቢ አማርኛ ታጠና ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ በይጁቤ ዙሪያ ስለሚባሉ የሙሾ ግጥሞች ነበር። እቅዱን አማካሪዋ ፊት ቁጭ ብላ በእጇ ጻፈችው፤ ከጥምቀት በኋላ ይጁቤ ሄዳ አልቃሾቹን እንደምታነጋግር አሰፈረች።

"እትዬ፣ ፈተናው አናቴ ላይ ነው። ሙሾውን ደግሞ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ" አለችኝ።

"አንቺስ አፍ የለሽም? ሄደሽ ጠይቂ" ማለት ሲገባኝ ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ለቅሶ ቤት የሰማሁት ሁሉ ጣቴ ላይ መጣ። ኅዳር ሳይወጣ ጨረስኩት፤ ቃለ መጠይቁንም እቅዷ እንደሚለው "በጥር ወር ተደረገ" ብዬ ጻፍኩ። ከጻፍኩት ሁሉ እሱን ነበር የምወደው።

ወረቀቱንም ፋይሉንም አስገባች። ሚያዝያ ላይ አማካሪዋ ጠራት። እያለቀሰች እንደነገረችኝ፣ እቅዱንና ጽሑፉን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ "እዚህ አረፍተ ነገርሽ ከአምስት ቃል አያልፍም። እዚህ ደግሞ አንዱ አረፍተ ነገር ሦስት ልጅ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ድሮ ነው የሚያበቃ። በጥቂት ወር ምን በልተሽ ነው?" አላት።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ የፋይሉን መረጃ ከፈተ። ለካ ፋይል ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጀመረ በሆዱ ይዞ ይዞራል! እኔ ሽፋኑ ላይ ስሟን ካሰፈርኩ የሚበቃ መስሎኝ። ጸሐፊው በሚለው ቦታ የእኔ መተየቢያ ቤት ስም ተቀምጧል።

"እዚያ ነው ያስተየብኩት" አለችው። እሱንስ ተቀበላት፤ ግማሹ ተማሪ እኔ ጋ ስለሚያስተይብ ስሙ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ግን ከፈረንጁ ወደ እኛ ቢመልሰው ኅዳር ሆነ። በጥር የተቀዳ ሙሾ በኅዳር እንዴት ተተየበ?

"የኮምፒውተሩ ቀን ተዛብቶ ይሆናል።"

"ይሆናል። እንግዲያው በእጅሽ የጻፍሽውን ረቂቅ ሰኞ አምጪልኝ።"

ምን ረቂቅ አለና! እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩን ከውስጥ ቆለፍነው። እኔ ከታተመው ሳነብላት፣ እሷ ሠላሳ ገጹን በእጇ ስትገለብጥ ዋልን። ያረጀ እንዲመስል ወረቀቱን አሻሸሁት።

ሰኞ፣ የተየብኩላት እኔ መሆኔን ልመሰክር አብሬያት ሄድኩ። አማካሪው አገላበጠ፣ አገላበጠና ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴ፣ እርስዎ ስንት ረቂቅ ተይበዋል?"

"ኧረ ማን ቆጥሮት፣ መምህር።"

"ስርዝ የሌለው አይተው ያውቃሉ?"

አላውቅም። ሰው እያሰበ ሲጽፍ ይሰርዛል፣ በቀስት ይጎትታል፣ ጥግ ላይ ይጨምራል፤ ዓይኔን ያደከመው እሱ አይደል? የእኛ ሠላሳ ገጽ ግን አንዲት ስርዝ አልነበረውም።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ እሷን ይተዋት" አልኩ።

"ችግሩማ እሱ ነው" አለኝ፣ ሳይቆጣ።

ጽሑፏ ውድቅ ሆነ፤ አንድ ዓመት ታገደች። አባታችን ደብረ ወርቅ ለምርቃቷ ዘመድ ጠርቶ ስለነበር፣ በየቤቱ እየዞረ "ቀርቷል" አለ። ከእኔ ቤት የወጡ ፋይሎችም ሁሉ ተመረመሩ። ገንዘብ ከፍለው ካጻፉኝ ሦስቱ ተያዙ፤ አንዲት ቃል ያልጨመርኩላቸው ልጆችም ረቂቅ አምጡ ተባሉ። አንዷ በረቂቋ እሳት አያይዛበት ኖሮ፣ ደጃፌ ላይ ቆማ አለቀሰች።

እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን ሙሾ በልጅነቴ ያስተማሩኝ ሁለት የይጁቤ አልቃሾች በዚያ ጥር በሕይወት ነበሩ። እህቴ ሄዳ ብትጠይቃቸው ኖሮ፣ በዚያች አጭር አረፍተ ነገሯም ቢሆን የእነሱ ቃል ወረቀት ላይ ይቀር ነበር። እኔ ቀደምኳት፤ የጻፍኩትም ተጣለ። ክረምቱን ሳይሻገሩ ሁለቱም ሞቱ።

እህቴ የእገዳ ዓመቷን ይጁቤ ዘመድ ቤት ከረመች። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ደብተር ይዛ ሄደች፣ የቀሩትን አልቃሾች ጠየቀች፣ በእጇ ጻፈች። ስትመለስ ሰላም አለችኝ፣ ምሳ አብረን በላን። ከዚያ ረቂቋን አንስታ ወጣችና ከእኔ ቀጥሎ ካለው መተየቢያ ቤት አስተየበችው።