ለቲቸር ሽመልስ የምተወው ስህተት

ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ እጽፋለሁ። ቀለም ከመቀባቴ በፊት በጠመኔ እነድፋለሁ። ልክ ያን ጊዜ ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ቲቸር ሽመልስ ከች ይላሉ።

አንድ ቀን ለሴቶች ልብስ ቤት በእንግሊዝኛ ‹ዊመንስ› ብዬ ስነድፍ የባለቤትነት ምልክቱን፣ አፖስትሮፉን፣ ከኤስ በኋላ አደረግሁት።

«አንተ ማሒር! መጀመሪያ ባለቤቶቹን ጽፈህ ጨርስ። ‹ዊመን› ስትል ሴቶቹ ያለ ኤስ በዝተዋል፤ ምልክቱ እዚያው ይግባ፣ ኤስ ይከተል። ‹ገርልስ› ቢሆን ብዛቱ ራሱ በኤስ ስለሚያልቅ ምልክቱ ከኤሱ ኋላ ይሆናል።»

ወላሂ፣ ገበያተኛ ፊት ሲያርሙኝ ደሜ ይፈላል! እልህ ይዞኝ አጠናሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስህተት አጡ። ሰሌዳውን አይተው «ጎበዝ» ይሉና ከዘራቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። ከዚያ ሁለት ቀን ሳይመጡ ቀሩ።

ሲመለሱ ለወንዶች ልጆች ልብስ ሰሌዳ ‹ቦይስ› ላይ ምልክቱን ሆን ብዬ ከኤስ በፊት አድርጌ ጠበቅኋቸው። ለአንድ ልጅ ብቻ አደረግኸው ብለው ጮኹብኝ፤ ፊታቸው ግን በራ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ስህተት እተውላቸዋለሁ።

ትናንት የቅመም ስሞችን በኮማ ፋንታ በሰሚኮለን ለያየሁ። ሰሌዳውን ትተው እኔን አዩኝ።

«የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሳሳተው። አንተ በየቀኑ ቦታ ትቀይራለህ።»

አፍሬ አቀረቀርሁ። ጠመኔውን ከእጄ ወስደው ሰሚኮለኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኮማ ቀየሩና መለሱልኝ።

«የነገውን ግን ትንሽ ከበድ አድርግልኝ» አሉ።