ዳጣችንን የገዙት የማያውቁን ሰዎች

እኛ ቤት እናታችንን የምንጠራት በወላይትኛ «አዬ» ብለን ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ አዬ ምግብ የምታበስልበት የመሥሪያ ቤት ክበብ ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን ማማሰያዋን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። «ምንድን ነው?» ስላት፣ «የራሴ ነው፤ ለምን ትቼላቸው እመጣለሁ?» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አባቴ ካረፈ ወዲህ የምንኖረው በዚያ ደመወዝ ነበር። ከእሱም ላይ አዬ በየወሩ እየቆነጠረች ባንክ ታስገባ ነበር። ደብተሩ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ገንዘቡ የታላቅ እህቴ ነው፤ ነርስነት እየተማረች ስለነበር መስከረም ላይ የሁለተኛውን ዓመት መክፈል አለባት። ካልተከፈለ ትምህርቱን ትታ ትመጣለች። ስለዚህ አዬ ያን ማታ እጇን መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ጭና፣ «ጨው ባይኖረን እንኳ ይሄ አይነካም» አለች። በማግስቱ ሦስቱን ዶሮዎቿን ገበያ አወጣችና ሰማንያ ብር ይዛ ተመለሰች። «በቃ፣ ካፒታል ይሄ ነው» አለች። ካፒታል የሚለውን ቃል ከክበቡ ሠራተኞች ነው የለቀመችው። ስትለው አፏን ሞልታ ነው!

እኔ ደብተሬን አውጥቼ የምንሠራውን ልጻፍ አልኩ። ቦዲቲ ከተማ ቲማቲም የምትነግደው አክስቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ስትመጣ ዝርዝሬን አነበብኩላት።

«ሻይ ቤት።»

«ምድጃው፣ አግዳሚው፣ ብርጭቆው በሰማንያ ብር?»

«ቲማቲም።»

«እኔ አንድ ሳጥን ሲበሰብስብኝ ሌላ ሳጥን አለኝ። እናትሽ ምን አላት? እንባ።»

«የአቮካዶ ጭማቂ።»

«መፍጫው ከሰማይ ይወድቅልሻል?» ብላ ሳቀችብኝ።

አዬ ደግሞ ቀበሌ ሄዳ ጠይቃ ነበር። በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅታችሁ ብድር ውሰዱ፣ ብድሩ ከመሰጠቱ በፊት ግን ቆጥባችሁ አሳዩ ብለዋታል። «የምናሳየው የትኛውን ነው? የልጄን ነዋ!» አለችና ያንን ትታ መጣች።

ዝርዝሬ አለቀ። አክስቴ ከምሳው ሰሃን ጥግ የቀረውን ዳጣ በጣቷ ጠርጋ ስትልስ አየሁና፣ «ዳጣስ?» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ትንሽ ኮረሪማና ጨው ነው፤ የሚፈጭበት ድንጋይ ደግሞ ጓዳችን ተቀምጧል። በሶብላውና ጤና አዳሙ ከጓሯችን ነው። ምንም ዕቃ አይገዛም።

«ዳጣ ይሸጣል እንዴ?» አለች አዬ። ልክ ውሃ እንሽጥ ያልኳት ይመስል ነበር።

አክስቴ ግን ጣቷን ጨርሳ ላሰችና፣ «እስኪ ትንሽ ሞክሩ። ሰማንያውን ሁሉ አታውጡ፤ ሃያው ቢጠፋ ስልሳው ይቀራል» አለች።

አዬ ሃያ ብሯን አውጥታ ቃሪያ ገዛች፤ ፈጨች። እኔ ዓይኔን በክንዴ እየጠረግሁ ነጭ ሽንኩርት ላጥሁ። ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሳህኑን ይዘን ሰፈራችን መግቢያ ላይ ተቀመጥን። በማንኪያ እየሰፈርን ልንሸጥ ነው፤ ዕቃ ገዢው ራሱ ያመጣል። እኔ ደስታዬ ሊያፈነዳኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣችው ከአዬ ጋር መዘምራን ውስጥ ያለች ሴትዮ ናት። «እስኪ ቅመሽ» አለቻት አዬ። ቀመሰች፤ አመሰገነች። አዬ ሁለት ማንኪያ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት። ዋጋ አልጠራችም። ሴትዮዋም አልጠየቀች፤ «ተባረኪ» ብላ ሄደች። ከዚያ ጎረቤታችን፣ ከዚያ የጎረቤታችን ምራት፣ ከዚያ ባለፈው የጊፋታ በዓል ቅቤ የሰጠችን ሴትዮ መጡ። ሁሉም ቀመሱ፤ ሁሉም ተጠቅልሎላቸው ሄዱ።

«አዬ፣ እየሸጥን እኮ ነው!» አልኳት በጆሮዋ።

«እና ቅቤዋን የበላሁትን ሴት ‹ብር አምጪ› ልበላት? አፌ እንዴት ይታዘዝልኝ?»

እኩለ ቀን ሳይደርስ ሳህኑ ባዶ ሆነ። እጃችን የገባው ሁለት ሰዎች የሰጡን አራት ብር ብቻ ነው። አዬ ቤት ገብታ ባዶውን ሳህን አጥባ ደፋችው። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ደብተሩን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አወጣች።

«ትንሽ ብቻ ነው። ሻይ ቤት ብከፍት ሐምሌ ሳይደርስ እመልሰዋለሁ» አለች፤ ፊቴን ግን አላየችም።

ከኋላዋ ተከተልኳት። እህቴ ነጭ ጋዎኗን አጣጥፋ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ታየኝ። ምን ብዬ እንደማስቆማት ሳስብ ስለዚያ አራት ብር ማሰብ ጀመርኩ። ማን ነበር የሰጠን? ባንኩ ጋ ልንደርስ ስንል ነጠላዋን ያዝኳት።

«አዬ፣ ቅዳሜ ‹ስንት ነው?› ብለው የጠየቁን እነማን ናቸው?»

«እነዚያ ሁለቱ ናቸዋ። አንዷ መምህር ናት መሰለኝ፣ አንዱ ደግሞ የቢሮ ሰው ነው።»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«ከየት አውቃቸዋለሁ? ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ተከራዮች ናቸው።»

«አየሽ! የሚያውቁን ቀመሱ፤ የማያውቁን ከፈሉ። ሳህናችንን ያስቀመጥነው የሚያውቁን ሰዎች በር ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ሁሉም ቤታቸው ድንጋይ አላቸው።»

አዬ ቆመች። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋባት፤ አልሰማችም። «ተከራይ ድንጋይ የለውም» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ክፍል ውስጥ ምኑን ይፈጫል?» ከዚያ ደብተሩን ብብቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤት ዞረች። እኔ መንገዱ ላይ ዘለልኩ፤ ሰው አየኝ፣ ግድ አልሰጠኝም!

ከቀረው ገንዘብ እንደገና ሃያ ብር አወጣን። በዚህኛው ግን ወደ ኦቶና ሆስፒታል ሰፈር ሄድን፤ እዚያ የሚከራዩ ክፍሎች የሞሉባቸው ግቢዎች አሉ። ማንም አያውቀንም። መጀመሪያ በር የከፈተችልን ነርስ ናት፤ የእንቅልፍ ፊት ነበራት። በእንጀራ ጫፍ አቀመስናት። ዓይኗ ተከፈተ።

«ወይኔ እናቴ! ሽሮዬ ዛሬ ሰው ሆነ በሉኛ! ስንት ነው?»

አዬ አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። እኔ ልናገር ስል ክርኗን ጎኔ ላይ ሰካችና ራሷ፣ «ማንኪያው ሃምሳ ሳንቲም» አለች። ድምጿ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ጥቅስ ስትል ይመስል ነበር። ነርሷ ብርጭቆ አምጥታ ስድስት ማንኪያ አስደረገች፤ ጎረቤቶቿንም በየበሩ እያንኳኳች ጠራች። እኔ ደብተሬ ላይ የፈለጉትን ጻፍኩ፤ «በጣም ሲያቃጥል የማይወደው»፣ «ነጭ ሽንኩርት አብዙልኝ ያለችው» እያልኩ። ስማቸውን አናውቅማ።

ውሃ ካልነካው ሳምንት ስለሚቆይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እየፈጨን ወሰድን። የሰፈራችን ሰዎች ግን አሁንም በኮባ ቅጠል ይወስዳሉ። አዬ የእነሱን ለብቻ ታስቀምጣለች፤ እኔም መከራከር ትቻለሁ።

መስከረም ላይ ሁለታችን ባንክ ሄድን። ደብተሩ እንደነበረ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተነካም። አዬ የእህቴን ሁሉንም ልታወጣ ስትል ጸሐፊው፣ «እማማ፣ ሁሉን ካወጡት ደብተሩ ይዘጋል፤ ትንሽ ይተዉ» አላት።

«የእሷን አልቀንስም» አለችና ከደረቷ አሥር ብር አወጣች። ዳጣ የተሸጠበት ብር ነበር። ጸሐፊው ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ሲያነሳው በኃይል አነጠሰ፤ ደግሞ አነጠሰ። ከኋላችን የተሰለፉት ሳቁ።

«እማማ፣ ይሄ ብር ምን ነክቶት ነው?»

«ሥራ» አለች አዬ፣ እጇን ዘርግታ ደብተሯን እየጠበቀች።