ከአምስት እስከ ሦስት

መገናኛ ላይ ሱቅ ስከፍት ጫማ ነበር የምሸጠው። ጥሩ ጫማ የገዛ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትም ግን አማካሪው እስኪረካ ይመላለሳል። ስለዚህ ጫማውን ትቼ ኮምፒውተርና ፕሪንተር አስገባሁ። ትምህርቴ የመንገድ ቢሆንም የተጨነቀ ሰው ደረጃውን ሲወጣ ከኮቴው አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የመጣች ደንበኛዬ እንደዚያ ነበር የወጣችው። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ አፈሩን ምን እንዳደረገው ለማስተርስ አጥንታለች። ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ጽሑፉን አስጠርዛ ለትምህርት ክፍሉ ካላስገባች በፈታኝ ፊት ቀርባ ጽሑፏን የምታስረዳበት ዲፌንስ ለከርሞ ይተላለፋል፤ የመሥሪያ ቤቷ የትምህርት ፈቃድ ደግሞ እስከ ከርሞ አይጠብቅም።

«ጋሼ፣ አማካሪዬ የምንጭ ቁጥሮቹን በቅንፍ አድርጊ አሉኝ» አለች፣ ፍላሿን ሳትለቅ እየሰጠችኝ።

«ምን አጠፉ?»

እስክሪኑ ላይ አሳየችኝ። የእያንዳንዱን ሐሳብ ምንጭ ከራስጌ በትንንሽ ቁጥር አስቀምጣለች። ያምራል። ግን ጽሑፉ ሁሉ ሜትር ካሬ ነው፤ የካሬ ምልክቷ ሁለት ከራስጌ፣ የምንጭ ቁጥሯ አራትም ከራስጌ፣ ሁለቱ ተጎራብተው ሃያ አራት ሆነዋል።

«እንጦጦ እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር» አልኳት። አልሳቀችም።

በዚያ ላይ ተከታታይ ቁጥሮች እንዲጠቀለሉ ተነግሯታል። ሦስትና ከዚያ በላይ ተከታትለው ከመጡ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ተጽፈው መሀላቸው ጭረት ይገባል፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ በኮማ ይቀራሉ። ሁሉም በእጇ የጻፈቻቸው ናቸው፤ ቁጥር የሚጠብቅላት ፕሮግራም አልተጠቀመችም። የኔ ደንቤ አንድ ነው፦ የደንበኛ ፋይል ሳልነካ ኮፒውን አስቀምጣለሁ። አስቀመጥኩ፤ ከዚያ እሷ እየነገረችኝ 6,7,8,9,10 የነበረው [6–10] እየሆነ ሄደ። እየጨረስን ስልኳ ጮኸ።

«እሺ ዶክተር... እሺ...» ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ተለውጧል። «ምንጭ ሰባትና ምንጭ ሦስት አንድ ጽሑፍ ናቸው። ሁለቴ መዝግቤዋለሁ። ሰባት ይውጣ አሉ።»

ሰባት ሲወጣ ስምንት ሰባት ይሆናል፣ ዘጠኝ ስምንት፣ እያለ እስከ መጨረሻው። ሰባትን በፍለጋ እያወጣች ሦስት አደረገቻት፤ የተቀሩትን አንድ አንድ ደረጃ አወረድን። አተምኩ። ጥረዛ ቤት ልልከው ስል ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ።

«እህቴ፣ ከአምስት እስከ ሦስት ይላል። እኔ በዚህ ዓይነት ዕቃ ብቆጥር ሱቄ እስካሁን በተዘጋ ነበር።»

ወረቀቱን ነጠቀችኝ። [5–3]። «[5–7] ነበር። የመጨረሻዋን ሰባት ለውጬ ነው» አለችና ጣቷን ወደ ሌላ መስመር ወሰደች። ከዚያ በቀስታ፣ «ጋሼ... [6–10] ውስጥስ?»

እኔም ገባኝ። እዚያ ሰባት አልተጻፈችም፤ ከጭረቱ ሥር ናት። ፍለጋው አላያትም። እኛ ደግሞ አሥርን ዘጠኝ ስናደርግ [6–9] ሆኗል፤ ሲታይ ንጹሕ ነው፣ ምንጭ ሦስት ግን የለበትም። [5–3]ስ ራሱን አጋልጧል። የሚያስፈራው ትክክል የሚመስለው ነው፤ ስንት ቦታ እንዲህ እንደተደበቀ እኔም እሷም አናውቅም።

«በቃ፣ አበቃልኝ» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ።

«ጠዋት ያስቀመጥኩት አለ። ያልተነካው።»

ቀና አለች። «ያልተጠቀለለው?»

«ያ አስቀያሚው ሃያ አራት ያለበት።»

እዚያ ላይ ሁሉም ቁጥር በየስሙ ቆሟል፣ የተደበቀ የለም። ከዚያ ጀመርን። መጀመሪያ ሰባት ሁሉ ሦስት ሆነ፤ ያን ሳንጨርስ ስምንትን ብንነካው አዲሱና አሮጌው ሰባት ይቀላቀሉ ነበር። ከዚያ የቀሩትን ከትንሹ ወደ ትልቁ በተራ አንድ አንድ አወረድን፣ ቀጥሎ ቅንፍ። መጠቅለሉን መጨረሻ ላይ አደረግነው። ያ [6–10] አሁን [3,6–9] ሆኖ ወጣ። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ከዝርዝሩ አመሳክራለሁ፤ በመሀል ሰዓቷን ታያለች፣ እኔ ደግሞ እሷን።

«አይዩኝ፣ ጋሼ፣ ወረቀቱን ይዩ!»

የጥረዛው ሙጫ ሳይደርቅ ነው የተቀበለችው። ደረቷ ላይ አቅፋው ታክሲ ውስጥ ስትገባ የሽፋኑ ጠርዝ ሹራቧ ላይ እንዳይጣበቅ ጸለይኩ።

ስትደውል የሱቄን መዝጊያ እየጎተትኩ ነበር።

«ተቀበሉኝ!»

«ቁጥሮቹን አዩ?»

«ኧረ! የሽፋኑን ቀለም አይተው ማኅተም መቱ።» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ተቋረጠ። «ፈታኙ ግን ያያል አይደል?»

«ያያል» አልኳት።

«እንግዲያው ያ ያልተጠቀለለው ኮፒ አይጥፋ፤ አርሚ ቢለኝ ከዚያ ነው የምንጀምረው።»

መዝጊያውን መልሼ ከፈትኩና አለመጥፋቱን አየሁላት።