የበሬው ድምፅ

ድርቤ ያን ወረቀት «አልፈቀድኩም» ብላ የመለሰችው ለልጇ ፈርታ ነው ወይስ ለባሏ አዝና? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ወረቀቱን ያነበብኩላት ግን እኔ ነኝ።

ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። ድርቤ ከወልደሩፋኤል ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እየወሰደች ቤቷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። አንድ ልጇ ዋጋሪ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ገና ሰባተኛ ክፍል ነበር። አባቱ ታስሮ፣ ከዚያም ታሞ በነበረ ጊዜ ሦስት ዓመት ትምህርቱን አቋርጧል። ከክፍሉ ልጆች መካከል ሲቆም አጎታቸው ይመስላል።

በ1978 ዓ.ም. ጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመች። ዋጋሪ ከኋላዋ ነበር።

«እስቲ ይህን አንብብልኝ። ይሄ ልጅ ያነበበልኝ ‹ፈርሚ› የሚለውን ብቻ ነው።»

በእስቴንስል የተባዛ ደብዳቤ ነው። የጻፈችው መምህርት ሐረግወይን፣ ከጎጃም መጥታ ሥዕልና እጅ ሥራ የምታስተምር ወጣት ናት። እንዲህ ይላል፦

«ለሰባተኛ ሐ ተማሪዎች ወላጆች። ልጆቻችሁ ከወረቀት በተቆረጡ ምስሎች የሚንቀሳቀስ ሥዕል ሊሠሩ ነው። ምስሉን በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጋን፣ ባስጠጋነው ቁጥር በፊልም ካሜራ አንድ ፎቶ እናነሳለን፤ ፎቶዎቹ ተከታትለው በፍጥነት ሲያልፉ ምስሉ የሚሄድ ይመስላል። የእንስሳቱን ንግግር ልጆቹ በቴፕ ይቀዳሉ። ካሴቱ በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ በሰኔ በወላጆች ቀን ከሚሰማ በቀር ከግቢ አይወጣም። የተናጋሪው ስም አይጠራም። ያልተፈቀደለት ልጅ በሥዕሉ ሥራ ይሳተፋል፤ ማርክ አይቀነስበትም፤ ለሙከራ የተቀዳ ድምፅ ካለውም ይጠፋል።»

ከታች «ፈቅጃለሁ»፣ «አልፈቀድኩም» የሚሉ ሁለት ቃላትና የፊርማ መስመር አለ።

«አዮ፣ በሬው እኮ እኔ ነኝ!» አላት ዋጋሪ እናቱን። ታሪኩ የዴዴሳን ወንዝ አልሻገርም ስላለ በሬ ነበር።

«በሬነትህንማ መች አጣሁት!» አለችው። ወዲያው ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ካሴቱ የት ነው የሚቀመጠው አልክ?»

«በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን፣ አዴ ድርቤ።»

«ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?»

ደብዳቤው ስለ ቁልፉ አይናገርም።

ባሏ ሞረዳ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ወፍራም ድምፅ የነበረው ሰው ነው። ካሴት አወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በተዘጋበት ዓመት ካሴቱ ቀበሌ ገባና በስብሰባ ፊት ተከፈተ። ሊቀመንበሩ «ይህ ወፍራም ድምፅ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንድ ሰው ነገረው። ሞረዳ ዐሥራ አንድ ወር ታስሮ ሲወጣ ደም ይተፋ ነበር፤ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ቆይቶ ሞተ። ካሴቱን ማንም አልመለሰላትም።

«ኢልማኮ» አለችው ልጇን፣ ቀስ ብላ። «አባትህ እዚህ ቤት ተኝቶ ነበር። ድምፁ ግን ቀበሌ ነበር።»

እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። «አልፈቀድኩም» የሚለው የቱ እንደሆነ አሳየኋት፤ አከበበችውና በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተማረችው ፊደል ስሟን ጻፈች።

የበሬው ድምፅ ለወልደሩፋኤል ልጅ ተሰጠ። ወልደሩፋኤል ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነበር የፈረመው። «የእኔ ልጅ ድምፅ? ውሰዱት! ቤት ውስጥ እንቅልፍ ነስቶናል» አለ። ዋጋሪ የተቆረጠውን በሬ በማስጠጋት ሥራ ቀረ። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲመጣ አኩርፎ ነበር፤ በሳምንቱ ረሳው። በሬው አንድ እርምጃ እንዲራመድ ስንት ጊዜ ጎንበስ እንደሚል ይነግረን ነበር፤ ለአንዲት ሰከንድ ዐሥራ ስምንት ፎቶ። በመጋቢት ፊልሙ አለቀ። እዚህ የሚያጥብ ስለሌለ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር ተላከ።

በግንቦት ወልደሩፋኤል ከአኖ ጨርቅ የሚያመጣለት ሰው ፈለገ። ድርቤ ዋጋሪን ላከችው። በመልሱ ላይ፣ ገና ከአኖ ከተማ ሳይወጣ፣ አውቶቡሱን አስቆሙትና ወጣቶቹን ለብሔራዊ ውትድርና አወረዷቸው። የተማሪ መታወቂያው ሌላው ሱሪው ኪስ ውስጥ፣ ቤት ቀርቷል። ድርቤ መታወቂያውን ይዛ አኖ ስትደርስ ልጆቹን የጫኑት መኪናዎች ሄደዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሾፌር «ደህና ነኝ ብሏል» ሲል መልእክት አደረሰ። ሌላ ወሬ አልመጣም። ዋጋሪም እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ፊልሙ ግን በሰኔ መጣ።

ድርቤ «ብቻዬን አልገባም» አለችኝና በወላጆች ቀን አብረን ሄድን። የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደዋቸዋል። ሐረግወይን ፊልሙን በፕሮጀክተሩ ላይ ጠመጠመች፣ ልጆቹ ቴፑን ከፈቱ፣ በሬውም በነጩ ጨርቅ ላይ ድክ ድክ እያለ ወደ ወንዙ መጣ። ወላጆች ሳቁ። በሬው በወልደሩፋኤል ልጅ ቀጭን ድምፅ «አልሻገርም!» ሲል ይበልጥ ሳቁ።

ያን ጊዜ ከጥግ በኩል አንድ እጅ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ፎቶው ሲነሳ ቶሎ ያልተሰበሰበ እጅ ነው። አውራ ጣቱ ላይ ሰማያዊ የዩኒፎርም ቁራጭ ታስሯል።

«እሱ ነው!» ብላ ድርቤ ወደ መምህርቷ ዞራ ተነሳች። «እኔ ነኝ ያሰርኩለት! ባርሲስቱ፣ አቁሚልኝ!»

«አዴ ድርቤ፣ ማቆም አይቻልም» አለች መምህርቷ። «ይሄ ማሽን ቀጥ ካለ አምፖሉ ፊልሙን ያቃጥለዋል።»

በሬው መንገዱን ቀጠለ። ድርቤ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እስኪያልቅ ድረስ የወልደሩፋኤልን ልጅ ድምፅ አዳመጠች።

ያን ሌሊት አልተኛችም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስትሄድ ተከተልኳት። ሐረግወይን ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም።

«ለሙከራ ቀድተሽው ነበር፣ አይደል?»

«ቀድቼው ነበር።»

«የት አለ?»

«ወረቀቱ በተመለሰ ማግስት ሌላውን ልጅ በላዩ ቀዳሁበት።»

«ምንም አልቀረም? ሳል እንኳ?»

«ምንም። ቃል ገብቼልዎት ነበር፣ አዴ ድርቤ» አለችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ደግ አደረግሽ» አለች ድርቤ። «በአባቱ ጊዜም እንደ አንቺ ያለ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ…» አልጨረሰችውም።

መምህርቷ ፊልሙን ከጥቅሉ ፈታች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ በእጇ እያሳለፈች ፈለገችና ማጉያ መስተዋት ሰጠቻት። እጁ የታየባቸው ሁለት ፎቶዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከጣት ጥፍር ያንሳሉ። ድርቤ ዓይኗን አስጠግታ አየች። ደግማ አየች።

«ቆርጬ ልስጥዎት፤ የቀረውን መልሼ አጣብቀዋለሁ።»

«በሬው ይቆማል?»

«አይቆምም። ትንሽ ዘለል ይላል እንጂ።»

ድርቤ ማጉያውን መለሰችላት። «ተይው። በሬውን የሚያስኬደው እሱ ነው።»

ቤት ስንደርስ ያልተዘመዘሙት ዩኒፎርሞች አልጋው ላይ ተቆልለው ነበር። አላነሳቻቸውም፤ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገባቸው ጋደም አለች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ትንፋሿ ረግቶ እንቅልፍ ሲወስዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።