ባንድ እጅ የሚነዳ መኪና

ስትሮክ ቀኝ እጄን ካሰነፈው ወዲህ፣ ከጡረተኛው ጓደኛዬ ጋር የምናዘወትረው የቦሌ መድኃኔዓለሙ ጌም ቤት ሊቀርብኝ ነበር። ሁለት እጅ የሚፈልገውን የስክሪን ኳስ ጨዋታ በግራዬ ብቻ ስሞክር በረኛዬ እንኳን አፈረብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አውቆ ይሸነፍልኝ ጀመር፤ ይሄ ከሕመሙ ባሰብኝ።

የጌም ቤቱ ባለቤት «አባባ፣ ኳሱን ይተዉትና የመኪና ውድድር ይሞክሩ» አለችኝ። የጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ገብታ መኪናዬ በራሷ ነዳጅ እንድትሰጥ አደረገች። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስደገፍኩት። መሪው በግራ አውራ ጣቴ፣ ፍሬኑ በግራ አመልካች ጣቴ ሆነ፤ ለቀኝ እጄ የተረፈ ሥራ የለም።

ዕድሜ ልኬን ሹፌር ነበርኩና፣ መጀመሪያው ኩርባ ላይ ፍሬን ብዬ ወለሉን በእግሬ ረገጥኩት። መኪናዬ ከግንብ ተላተመች።

«መንጃ ፈቃድ የሰጠህ ማነው?» ብሎ ጓደኛዬ ሳቀብኝ።

በሚቀጥለው ውድድር ግን ጣቴ ሥራውን ለመደ። እሱ በሁለት እጁ እየተጣደፈ አጥር ለአጥር ሲላተም ጥዬው አለፍኩ። አውቆ እንዳልተሸነፈ ላቡ መሰከረ። ወደ ጌም ቤቱ ባለቤት ዞሮም፣

«የኔ ልጅ፣ ለእኔም እንደሱ አስተካክይልኝ» አላት።

«እሱማ ለታመመ ነው» አልኩት።