«ተራ አርሶ አደር» የተባለው ሰው

እኔ በቀላሉ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። መርሳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይመሰክርልኛል። አርባ ዓመት ሙሉ ፎቶ ሳነሳ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ለምን አነሳኸኝ» ብሎ የሚጮህብኝን ሰው እንኳ «ና ተቀመጥ፣ ደግሜ ላንሳህ» እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ሐሙስ ወልድያ ላይ ግን ተቆጣሁ። እስካሁንም አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባህል ጉዳይ የሚይዙት የመንግሥት ሰዎች የድሮ ፎቶዎችን ሰብስበው ወልድያ አዳራሽ ውስጥ ሊያሳዩ ፈለጉ። ከእኔም አንዲት ፎቶ ወሰዱ። ጥቁርና ነጭ ናት። የሰፈራችን የውሃ አባት አካፋ ይዞ ከመስኖ ቦይ ዳር ቆሞ ሳለ ያነሳኋት ናት። የውሃ አባት ማለት ቦዩን የሚጠብቅ፣ ዛሬ ውሃው የማን ነው፣ ነገ የማን ነው የሚለውን ተራ የሚያስከብር ሰው ነው። ጓደኛዬ ነበር። ከሞተ ቆይቷል፣ አላህ ይርሐመው። ሴት ልጁ አሁን መርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች። ቅዳሜ ትርኢቱ ሲከፈት ልጆቿን ይዛ አባቷን ግድግዳ ላይ ልታይ ትመጣለች ተባለ። ልጆቿ አያታቸውን አያውቁትም።

ከፎቶው ሥር የሚለጠፍ መግለጫ ጻፍ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ቢሆንም የፎቶ ጀርባ ላይ ስጽፍ ነው ያረጀሁት። መጻፍ ለማይችለው ሁሉ «ይህችን ፎቶግራፍ ለማስታወሻ» እያልኩ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሁለት ቀን ተቀምጬ ጻፍኩ። ይኸው ጽሑፌ፦

«ይህ ፎቶግራፍ የተነሳው በመርሳ አካባቢ፣ ዝናቡ ገና በነሐሴ በተቋረጠበት ዓመት፣ በጠዋት ነው። አካፋ ይዞ ከቦዩ ዳር የቆመው ሰው የሰፈራችን የውሃ አባት፣ ማለትም የመስኖ ውሃ ተራ አስከባሪ አርሶ አደር ነው። እጅግ ታማኝ፣ አላህን የሚፈራ፣ ደግ፣ ሳቂታ፣ በነገር የማይታማ ሰው ነበር። በዚያ ጠዋት ተራው ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት ስለነበረ ቦዩን ከፍቶ ወደ እርሷ ማሳ ውሃ ሲለቅ ነው ያነሳሁት። ከኋላው የሚታየው የደረቀ በቆሎ የራሱ ነው። ለእሱ ተራ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። ለራሱ ውሃ ቢያሳልፍ የሚያየው አልነበረም። በዚያ ዓመት ልጆቹ እሸት አልበሉም። እኔ ካሜራዬን ይዤ የወጣሁት ለሰርግ ነበር፤ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት። ፊልሜም ላይ የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የለም።»

ይህን ላክሁ። ሐሙስ ዕለት ፎቶው ሲተልቅ እንዴት እንደወጣ ልይ ብዬ ከመርሳ በሚኒባስ ተነሳሁ፤ በሲሪንቃ አድርገን ወልድያ ገባን። ፎቶው አምሮ ወጥቷል። የደረቀው የበቆሎ ቅጠል እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከሥሩ የጣት ስፋት ያላት ካርድ ተለጥፋለች። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ።

«ተራ አርሶ አደር በመስኖ ሥራ ላይ።»

ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ፎቶዎቹን የምትሰቅለውን ሠራተኛ ጠራኋት።

«ልጄ፣ ተራ ያላችሁት ማንን ነው?»

መጥታ አየችው። ፊቷ ተለወጠ። «ውይ አባባ፤ እርስዎ እኮ ‹ተራ አስከባሪ› ነበር ያሉት።»

«‹አስከባሪ›ን ማን በላው?»

«ያሳጠሩት ኃላፊው ናቸው» አለች ቀስ ብላ። መቶ ቃል ስለሆነ ካርዱ አልያዘውም አሉ።

ሠራተኛዋን አስከትዬ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቅ አለ።

«አባቴ፣ ተራ አስከባሪ ሲባል እኮ የመናኸሪያው ነው የሚመጣብኝ። ‹ደሴ የሞላ! ደሴ የሞላ!› የሚለው። እንግዳ ይስቃል ብዬ ነው ያወጣሁት።»

«አስከባሪን አውጥተህ ተራውን ተውክለት?»

«ተራ ማለት እኮ ስድብ አይደለም። እንደማንኛውም ሰው ማለት ነው።»

«እንግዲያው ከበርህ ላይ ‹ተራ ኃላፊ› ብለህ ለጥፍ» አልኩት።

ልጅቷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። እሱም ደነገጠ፤ እኔም ከእሱ ይበልጥ ደነገጥኩ። ለሰው እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ግን ምን ላድርግ? የጓደኛዬ ልጅ ማንበብ ትችላለች። ልጆቿን ይዛ መጥታ፣ አያታችሁ ይኸውላችሁ ብላ፣ «ተራ» የሚል ታንብብላቸው? ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ተራ ሲያስከብር ኖሮ፣ ከሞተ በኋላ በዚያችው ቃል ተራ ሰው ይሁን?

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ካርዱ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ለሁሉም እንደዚያ ነው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃል። አንድ መስመር አምጡና እቀይራለሁ።»

ከልጅቷ ጋር አዳራሹ ደጃፍ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥን። ጽሑፌንና ትንሿን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ እስክሪብቶ አወጣች።

«አባባ፣ መጀመሪያ ፎቶው ራሱ የሚናገረውን እናውጣ። አካፋው ይታያል?»

«ይታያል።»

«ቦዩስ? ጠዋት መሆኑስ?»

ጥላው ረጅም ነው፤ ይታያል። ሰረዘችው። ቀጥላ «ታማኝ፣ ደግ፣ ሳቂታ» ላይ ደረሰችና እስክሪብቶዋን አቆመች።

«ይህንንማ እንዳትነኪው» አልኩ።

«አባባ፣ ይህ ለማንም ይባላል እኮ። ለቅሶ ቤት ሄደው የሞተው ክፉ ነበር ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?»

«የእሱ ግን እውነት ነው!»

«እውነት ከሆነ ያደረገው ያሳየዋላ።»

ተናደድኩባት። ሻዬን እስከ ጭላጩ ጠጣሁ። ኋላ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ራሴ ሰረዝኩት። የሰርጉንና የፊልሜን ነገር ስታነብ ቀና ብላ አየችኝ። ስለ እሱ ጻፍ ሲሉኝ ስለ ራሴ መጻፌ ያኔ ገባኝና አፈርኩ። እሱም ወጣ። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የለም» የሚለውን ግን ሁለቴ አንብቤ ነው የሰረዝኩት።

«አሁን ይንገሩኝ» አለች። «ይህን ሰው የማያውቅ እንግዳ ከፎቶው ፊት ቢቆም፣ የደረቀው በቆሎ የማን ይመስለዋል?»

ፎቶውን አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ተሰቅሎ ሳየው ይህን ጠይቄ አላውቅም።

«የሌላ ሰው ነዋ። የእሱ መሆኑን በምን ያውቃል? አይቶ ያልፋል።»

«አዩ አይደል? ፎቶው የማይናገረው ይሄንን ብቻ ነው።»

ከዚያ በኋላ አልዘገየንም። ሴትየዋም ወጣች፤ ውሃው ወደ ሌላ ማሳ መሄዱ ይታያል። ሦስቱ ቀንም ወጣ። የልጆቹን እሸት የሰረዝኩት እኔ ነኝ። «የራሱ ካልን ልጆቹም እዚያው ውስጥ ናቸው» አልኳት፤ እሷም ልክ ነዎት አለች። የቀረችው ይህች ናት፦

«የውሃ አባት፤ ከኋላው የደረቀው በቆሎ የራሱ ነው።»

ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ቀና ብሎ ፎቶውን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«የራሱ?»

«የራሱ።»

«ውሃው በእጁ እያለ? ለምን ታዲያ?»

«ተራው አልደረሰማ» አልኩት።

ብዕሩን አነሳ። ፈርሞ ለማተሚያ ቤት ላከው። ቁጣዬ ግን አብሮት አልሄደም፤ ወደ መርሳ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን አጉረመርም ነበር። ሰው ሲያሳጥር ለምን ሰውየውን ያሳጥራል? ቃል መቁረጥ እኮ ይቻላል፤ ይኸው ቆረጥን፤ ጓደኛዬ አልተቆረጠም። እንዲህ እያልኩ በራሴ ኮራሁ።

ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ መጣች፣ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ። አዳራሹ ሞልቷል። እጇን ይዤ ከፎቶው ፊት አቆምኳት። አባቷን ስታይ አለቀሰች፤ ልጆቿ «ይሄ ነው? ይሄ ነው?» ይላሉ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ካርዱን አነበበች። ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ በደረቅ ዓይን አየችኝ።

«የራሱ ነው?»

«አዎ። እንግዶቹ የሌላ ሰው መስሏቸው እንዳያልፉ ብለን ነው።»

«አጎቴ፣ ያን በቆሎ እኮ የኮተኮትነው እናቴና እኛ ነን። እሱ ከቦዩ መቼ ተለይቶ? ሲደርቅ ያየነው እኛ፣ ያልበላነውም እኛ። እሱን ሰው ሁሉ ‹የውሃ አባት! የውሃ አባት!› ሲለው ይውላል። የእኛ አባትስ መቼ ነበር?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ዙሪያዬን አየሁ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ቃል ቆረጡብኝ ብዬ ሰው ቢሮ ገብቼ ስጮህ፣ በዚያው ቀን በገዛ እጄ እስክሪብቶ ልጆቹን ሰርዣለሁ። እዚያው ውስጥ ናቸው ብዬ። ኃላፊውስ ሌላ ምን አደረገ?

«ምን ይባል ታዲያ፣ ልጄ?»

«የልጆቹ ነው ይባል። እውነቱ ይሄው ነው።»

እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ። የፎቶ ጀርባ ላይ ከጻፍኩ ቆይቻለሁ። ተቀበለችኝ። «የራሱ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ ጻፈችበት። ከዚያ ልጆቿን አስጠግታ ጣቷን እያስኬደች አነበበችላቸው፦ የውሃ አባት፤ ከኋላው የደረቀው በቆሎ የልጆቹ ነው።

ኃላፊው እንግዶች አስከትሎ ሲመጣ ከፎቶው ፊት ቆመና ቀለሙን አየ። «ማን ነው ካርዱን የሰረዘው?» አለ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ። በቆሎው የእኔ ነበር።»