ከሙሽራዋ ክንድ አጠገብ ያለው መቃን

ከጥምቀት በኋላ ያለው የሰርግ ወራት ሁልጊዜ ያደክመኛል። ያን ሰሞን ወረታ ላይ በምሠራበት ፎቶ ቤት ሥራው ተደራርቦ፣ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ቬሎ ይታየኝ ነበር። ሰው ማነጋገር ስለማይሆንልኝ ከኮምፒውተሩ ጀርባ መቀመጥ ይሻለኛል። ባለቤቱ ይፋግ ሰርግ ሊቀርጽ ስለሄደ ግን ደንበኛውም ለእኔ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት በጋቢያቸው የሸፈኑትን ትልቅ ፎቶ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ምራታቸው ነበረች። አወቅኋት። ከሰርጓ በኋላ መጥታ፣ "እህቴ፣ ክንዴንና ወገቤን ቀነስ አድርጊልኝ። የባሌ ቤተሰቦች ግን እንዳይሰሙ፤ ገና ሳትገባ ገላዋን ናቀች ይሉኛል" ብላ በጆሮዬ ነግራኝ ነበር። ያን ቀን ሥራ ስለበዛብኝ ባለቤቱ ራሱ በጥድፊያ ሠርቶ፣ አትሞ ሰጣት።

"ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ" አሉ አዛውንቱ።

ፎቶው ላይ ሙሽራዋ በአዛውንቱ አዲስ ቤት በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ክንዷ ያረፈበት የበሩ መቃን ወደ እሷ ጎብጧል። ግድግዳው ላይ ሰማያዊውን ከነጩ የሚለየው መሥመርም ተጣሟል።

"ቤቱ የቆመው ዋልካ ላይ ነው። ክረምት መሬቱ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እኔ ሳየው ቀጥ ያለ ይመስለኛል፤ ግን ዓይኔ ደክሟል፣ ፎቶ ደግሞ አይዋሽም። ነገ መቃኑን ነቅሎ ግድግዳውን የሚያፈርስ ሰው ጠርቻለሁ። ከማፍረሴ በፊት ሌላ ፎቶ ካለ ልይ ብዬ ነው።"

ሙሽራዋ ከትከሻቸው ኋላ ሆና፣ እንዳትነግሪያቸው በሚል ራሷን ነቀነቀችብኝ። ዝም ብል ቤት ይፈርሳል፤ ብናገር ደግሞ እሷ ታፍራለች።

"አባባ፣ ቤቱ ደህና ነው" አልኩ።

"እ? ጮክ በይ እንጂ!"

ያልተነካውን ዋናውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩ። ሙሉውን ካሳየሁ የቀድሞ ክንዷም አብሮ ይታያል፤ ስለዚህ ስክሪኑን ወደ እሳቸው ከማዞሬ በፊት መቃኑ ብቻ እስኪቀር አጎላሁት። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"እሰይ! ታዲያ ያንን ማን አጎበጠው?"

"እኛ ነን። አጠገቡ ያለውን ስንነካ አብሮ ይጎተታል።"

"አጠገቡ ምን ነበረና ነካችሁ?"

መልሴን ሳይጠብቁ፣ "በይ አቃኚው፣ እዚሁ እጠብቃለሁ" ብለው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

ፎቶ ላይ ቅርፅ የምንቀይርበት፣ ሊኪፋይ የሚባለው የኮምፒውተር መሣሪያ ሰውና እንጨት አይለይም። ከብሩሹ ክብ ሥር የገባውን ሁሉ ይገፋል። መቃኑ እንዳይነቃነቅ መሸፈን ይቻላል፤ ክንዱ እንጨቱን ስለሚነካ ግን ሽፋኑ ጋ ሲደርስ ይያዝና ጠርዙ ይዛባል። ስለዚህ ሙሽራዋን ከዋናው ፎቶ ላይ ቀድቼ ለብቻዋ በሌላ ሌየር፣ ከላይ በሚደረብ ንብርብር ላይ አኖርኳት። ከዚያ በትልቅ ብሩሽ፣ ቀስ እያልኩ፣ እሷን ብቻ ወደ ውስጥ ገፋሁ። ከሥር ያለው መቃን ንቅንቅ አላለም። የአዛውንቱም ዓይን ከመቃኑ አልተነቀለም።

የደከመ ሰው ግን ቅደም ተከተል ይስታል። ከመግፋቴ በፊት ከሥር ያለውን የቀድሞ ክንድ በእንጨቱ ምስል መሸፈን ነበረብኝ። አዲሱ ክንድ ሲሸሽ አሮጌው ከጎኑ ብቅ አለ።

"ይሄ ደግሞ የማን ክንድ ነው?" አሉ።

"የእኔ ነው፣ አባባ" አለች ሙሽራዋ፤ ድምፅዋ ከእኔም ያነሰ ነበር። "እኔ ነኝ ቀንሺልኝ ያልኳት።"

አንዴ እሷን፣ አንዴ ስክሪኑን አዩ። "እና ለዚህች ክንድ ብለሽ ቤቴን ልታስፈርሺኝ ነበር?"

"በሩ ይጎብጣል ብዬ መች አሰብኩ!"

ሳቃቸው መጣ። "ቅቤ የጠገበ ክንድ እኮ ነው! እናትሽ ይህን ቀጭኑን ብታይ፣ ልጄን አስራቧት ብላ ትከሰናለች።"

"ቤት ላሉት ለእማማ እንዳይነግሩብኝ፣ በሞቴ።"

አዛውንቱ ስልካቸውን አውጥተው ግድግዳውን ሊያፈርስ ለነበረው ሰው ደወሉ። "ስማ፣ ነገ እንዳትመጣ። ... ቤቱ ደህና ነው። ... ፎቶ ቤቱ ነው ያበላሸው። ... እኔ ምን አውቄ፣ መሣሪያቸው ነዋ!"

ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። "ቀጭኗን እንዳለች ተያት። የቤቴ በር ብቻ ቀጥ ብሎ ይቁም።"

ከላይ ክንድ ያልነካውን የመቃን ክፍል ቀድቼ፣ ከመሥመሩ ጋር አስተካክዬ አሮጌው ክንድ ላይ አለበስኩት። ወገቤን ይቆረጥመኛል፣ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ሙሽራዋ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ተደግፋ ታይ ጀመር። ክንዷ ሙቅ ነበር፣ ይከብዳልም። አንሺልኝ አላልኳትም።